የሁለት ቢቶች ታሪክ፦ ኳንተማዊ ቴሌፖርቴሽን ተራውን መልእክት ለምን አልተወም?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ አምስት ገጽ ጽሑፍ ላይ ያተኩራል። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በማርች 29 ቀን 1993 «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ደራሲዎቹ ስድስት ናቸው፦ ቻርልስ ቤኔት፣ ዢል ብራሳር፣ ክሎድ ክሬፖ፣ ሪቻርድ ጆዛ፣ አሸር ፔሬስ እና ዊልያም ዉተርስ። ቴሌፖርቴሽን የሚለው ቃል በፊዚክስ ውስጥ ዛሬ ያለውን ትርጉም ያገኘው ከዚህ ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነገር ግን ርዕሱ ራሱ የሚናገረው ነው። ርዕሱ አንድ ያልታወቀ ኳንተማዊ ሁነታ በሁለት መስመሮች እንደሚተላለፍ ይገልጻል፤ ከሁለቱም በፊት የተጠቀሰው ክላሲካሉ ማለትም ተራው የመገናኛ መስመር ነው። ሬዲዮ፣ ስልክ ወይም የተላከ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል።

እኔ ዛሬ የምጠይቀው ጥያቄም ይኸው ነው። እጅግ ረቂቅ በሆነ ኳንተማዊ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ተራ ቢቶች ምን ይሠራሉ? ቢቀሩ ምን ይጎድላል? አንድ ብቻ ቢላክስ? መልሱን በታሪኩና በስሌቱ ውስጥ አብረን እንፈልገው።

ከመነሻው፦ የ1982 ስሕተት

ታሪኩ የሚጀምረው ከትክክለኛ ግኝት ሳይሆን ከተሳሳተ ጽሑፍ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒክ ኸርበርት የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ከብርሃን የፈጠነ መልእክት መላክ ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ እንደሚከተለው ነበር። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የተጠላለፉ ሁለት ፎቶኖችን ይካፈላሉ። አንደኛዋ ፎቶኗን በሁለት የተለያዩ መንገዶች መለካት ትችላለች። የትኛውን መንገድ እንደመረጠች በሌላው ወገን ባለው ፎቶን ሁነታ ላይ ይታያል። ችግሩ አንድን ፎቶን አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ሁነታውን ማወቅ አለመቻሉ ነው። ኸርበርት ይህን ችግር የፈታው በሌዘር ማጉያ ነው፤ ተቀባዩ አንዱን ፎቶን ያባዛና ብዙ ቅጂዎችን ይለካል፣ በዚህም የላኪዋን ምርጫ በቅጽበት ያውቃል።

ጽሑፉን ከገመገሙት አንዱ አሸር ፔሬስ ነበር። ፔሬስ ከዓመታት በኋላ እንደጻፈው፣ ሐሳቡ ስሕተት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ስሕተቱ የት እንዳለ መፈለጉ ለሳይንሱ እንደሚጠቅም ስላመነ እንዲታተም መከረ። ሌላው ገምጋሚ ጂያንካርሎ ጊራርዲ ግን የስሕተቱን ቦታ አሳይቶ እንዳይታተም ጠየቀ። ስሕተቱ በማባዣው ላይ ነበር። በ1982 ዉተርስና ዎይቼክ ዙሬክ በአንድ በኩል፣ ዴኒስ ዲክስ በሌላ በኩል፣ ያልታወቀን ኳንተማዊ ሁነታ በትክክል የሚቀዳ መሣሪያ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጡ። ይህ «ያለመቅዳት ቲዎረም» የሚባለው ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቴሌፖርቴሽንን የጻፉት ሰዎች፣ በተለይም ፔሬስና ዉተርስ፣ ሁለት ክልከላዎችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የመጀመሪያው ያልታወቀ ሁነታ አይቀዳም የሚል ነው። ሁለተኛው በጥልፍልፍ ብቻ መልእክት አይላክም የሚል ነው። የ1993ቱ ሥርዓት በእነዚህ ሁለት ክልከላዎች መካከል በጠባብ መንገድ የሚያልፍ ነው፤ መንገዱን የሚያበጁትም ሁለቱ ቢቶች ናቸው።

የሞንትሪያሉ ጥያቄ

በ1991 ፔሬስና ዉተርስ አንድ እንግዳ ነገር አሳዩ። በአንድ ዓይነት ሁነታ የተዘጋጁ ሁለት ቅንጣቶች በሁለት ቦታዎች ቢቀመጡና የትኛው ሁነታ እንደሆነ መለየት ቢፈለግ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አምጥቶ በጋራ መለካት በተናጠል ለክቶ ውጤቱን በስልክ ከመለዋወጥ የበለጠ መረጃ የሚሰጥ ይመስላል። ቅንጣቶቹ ግን አልተጠላለፉም፤ ስለዚህ ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ዉተርስ ይህን ሥራ በ1992 በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ፣ በብራሳር ግብዣ፣ አቀረበ። ከአድማጮቹ መካከል ቤኔት አንድ ጥያቄ አነሣ፦ ሁለቱ ለኪዎች በተጨማሪ አንድ የተጠላለፈ ጥንድ ቢካፈሉስ?

ከዚህ ጥያቄ በተነሣው ውይይት ተመራማሪዎቹ ከጠበቁት የሚበልጥ ነገር አገኙ። የተጠላለፈ ጥንድ ካለ አንደኛዋ ለኪ ቅንጣቷን ሳትልክ ሁነታውን ወደ ሌላው ማሻገር ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቅንጣቶች በአንድ ቦታ በጋራ መለካት ይቻላል። ቴሌፖርቴሽን ለሌላ ጥያቄ በተፈለገ መልስ ውስጥ የተገኘ ውጤት ነው።

ሥርዓቱ ደረጃ በደረጃ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ጽሑፉ እንዳደረገው ላኪዋን አሊስ፣ ተቀባዩን ቦብ እንበላቸው። አሊስ በእጇ አንድ ኩቢት አላት፤ እኛ ለስሌቱ እንዲመቸን ሁነታውን እንወስን እንጂ እርሷ አታውቀውም፦

0.6|0⟩ + 0.8|1⟩

የቁጥሮቹ ካሬዎች 0.36 እና 0.64 ናቸው፤ ድምራቸው 1 ነው። አሊስ ይህን ኩቢት ብትለካ 0 ወይም 1 ታገኛለች፤ 0.6 እና 0.8 የሚሉት ቁጥሮች ግን ለዘለዓለም ይጠፋሉ። ስለዚህ ለክታ በስልክ መንገር አትችልም፤ ቀድታ ማስቀመጥም አትችልም።

የመጀመሪያው ደረጃ ጥልፍልፉን ማካፈል ነው። አሊስና ቦብ አስቀድመው አንድ ጥንድ ይካፈላሉ። የ1993ቱ ጽሑፍ ሌላ ጥንድ ይጠቀማል፤ እኔ ምልክቶቹ እንዲቀሉ የሚከተለውን መርጫለሁ፦

(|00⟩ + |11⟩)/√2

የጥንዱ አንዱ ቅንጣት በአሊስ፣ ሌላው በቦብ እጅ ነው። ይህ ጥንድ ስለሚተላለፈው ሁነታ ምንም አያውቅም፤ ከዓመት በፊት ተዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ደረጃ የአሊስ የጋራ ልኬት ነው። አሁን አሊስ ሁለት ቅንጣቶች አሏት፤ የሚተላለፈው ኩቢትና የጥንዱ ግማሽ። እያንዳንዱን ለብቻው አትለካም፤ ይልቁንም ሁለቱ እርስ በርሳቸው ከአራቱ የቤል ሁነታዎች በየትኛው እንዳሉ ትለካለች። አራቱ ሁነታዎች እነዚህ ናቸው፦

Φ± = (|00⟩ ± |11⟩)/√2
Ψ± = (|01⟩ ± |10⟩)/√2

የሥርዓቱ ምሥጢር ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሦስቱን ቅንጣቶች ጠቅላላ ሁነታ ጽፈን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቤል ሁነታዎች ብንገልጻቸው የሚከተለውን እናገኛለን፦

½ [ Φ⁺ (0.6|0⟩ + 0.8|1⟩)
  + Φ⁻ (0.6|0⟩ − 0.8|1⟩)
  + Ψ⁺ (0.8|0⟩ + 0.6|1⟩)
  + Ψ⁻ (−0.8|0⟩ + 0.6|1⟩) ]

ይህ እኩልታ ግምት የለበትም፤ ቅንፎቹን ፈትቶ መልሶ መደመር ብቻ ነው። ተማሪዎች ዛሬ ማታ በወረቀት እንዲያረጋግጡት እመክራለሁ። በቅንፍ ውስጥ ያሉት የቦብ ቅንጣት ሁነታዎች ናቸው። አራቱም ከፊታቸው ተመሳሳይ ½ አላቸው፤ ስለዚህ አሊስ ከአራቱ ውጤቶች እያንዳንዱን በ¼ ዕድል ታገኛለች፤ 0.6 ወይም 0.8 የሚሉት ቁጥሮች በዕድሎቹ ላይ ምንም ተጽዕኖ የላቸውም። ይህ ማለት አሊስ ከልኬቷ ስለ ሁነታው አንዳች ነገር አትማርም። መማር ቢቻላት ኖሮ ሁነታው በተበላሸ ነበር። ሁነታው ሳይበላሽ የሚያልፈው ለኪዋ ምንም ስላላወቀች ነው።

ከዚህ ልኬት በኋላ አሊስ ዘንድ የነበረው ኩቢት የቀድሞ ሁነታውን አጥቷል። ስለዚህ በመጨረሻ ቦብ የሚያገኘው ቅጂ አይደለም፤ ያለመቅዳት ቲዎረም አልተጣሰም።

ሦስተኛው ደረጃ ሁለቱን ቢቶች መላክ ነው። አራት ውጤቶችን ለመለየት ሁለት ቢቶች ይበቃሉ፤ አንዱ ቢት Φ ወይም Ψ መሆኑን፣ ሌላው ምልክቱ + ወይም − መሆኑን ይናገራል።

አራተኛው ደረጃ የቦብ እርማት ነው። Φ⁺ ከሆነ ምንም አያደርግም። Φ⁻ ከሆነ የ|1⟩ን ምልክት የሚገለብጠውን Z የተባለ ክንውን ይፈጽማል። Ψ⁺ ከሆነ |0⟩ን እና |1⟩ን የሚያቀያይረውን X ይፈጽማል። Ψ⁻ ከሆነ መጀመሪያ X፣ ቀጥሎ Z ይፈጽማል። የመጨረሻውን እንፈትሽ፦ −0.8|0⟩ + 0.6|1⟩ በX ሲቀያየር 0.6|0⟩ − 0.8|1⟩ ይሆናል፤ በZ ምልክቱ ሲገለበጥ 0.6|0⟩ + 0.8|1⟩ ይሆናል። በአራቱም ሁኔታዎች ቦብ እጅ የሚገኘው አሊስ የነበራት ሁነታ ነው።

ቢቶቹ ባይደርሱስ?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። አሊስ በለካችበት ቅጽበት የቦብ ቅንጣት ከአራቱ ሁነታዎች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ሁሉም ለዋናው ቅርብ ዘመድ ናቸው። ታዲያ መረጃው ቀድሞውኑ ደርሷል ማለት አይቻልም?

ቦብ ቢቶቹን ሳይጠብቅ ቅንጣቱን ቢለካ ምን እንደሚያይ እናስላ። 0 የማግኘት ዕድሉ በአራቱ ሁኔታዎች በተራ 0.36፣ 0.36፣ 0.64 እና 0.64 ነው። አማካያቸው ልክ 0.5 ነው። ምናልባት ሌላ ዓይነት ልኬት ይሻለው ይሆን? |0⟩ + |1⟩ የሚለውን አቅጣጫ ይለካ እንበል። ዋናው ሁነታ በዚህ አቅጣጫ «አዎን» የማለት ዕድሉ 0.98 ነው፤ በጣም ግልጽ ምልክት ነው። በአራቱ ሁኔታዎች ግን ዕድሎቹ 0.98፣ 0.02፣ 0.98 እና 0.02 ናቸው፤ አማካዩ እንደገና 0.5። በየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ፣ ዋናው ሁነታ ምንም ቢሆን፣ ቦብ የሚያየው የተወረወረ ሳንቲም ነው። አሊስ ትለካ ወይም አትለካ እንኳ መለየት አይችልም።

እንግዲህ ቢቶቹ ትርጉማቸው ይህ ነው፦ አራቱ ሁነታዎች ተደባልቀው ሲታዩ እርስ በርሳቸው ፈጽመው ይሰራረዛሉ፤ ቢቶቹ ድብልቁን መልሰው ይለያዩታል። ተራዎቹ ሁለት ቢቶችም ብቻቸውን ስለ ሁነታው ምንም አይናገሩም። መንገድ ላይ የሰማቸው ሰላይ የሚያገኘው ከ0.6 እና ከ0.8 ጋር የማይያያዝ ዕጣ ብቻ ነው። መልእክቱ በቢቶቹ ውስጥም በቦብ ቅንጣት ውስጥም ለብቻው የለም፤ ያለው በሁለቱ ግንኙነት ውስጥ ነው። የተቆለፈ ሳጥንና ቁልፉ በሁለት መንገድ የሚሄዱ ይመስላል፤ ሳጥኑ ቀድሞ ቢደርስም ቁልፉ ከብርሃን አይፈጥንም።

አንድ ቢት አይበቃም?

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። ጥቂት ብልሃት ጨምረን በአንድ ቢት መጨረስ አንችልም?

በመጀመሪያ በምሳሌያችን እንየው። አሊስ Φ ወይም Ψ መሆኑን ብቻ ላከች እንበል። ቦብ አስፈላጊ ሲሆን Xን ይፈጽማል፤ በእጁ የሚቀረው 0.6|0⟩ + 0.8|1⟩ ወይም 0.6|0⟩ − 0.8|1⟩ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። አሁን 0 የማግኘት ዕድሉ 0.36 ነው፤ ትክክል ነው። በ|0⟩ + |1⟩ አቅጣጫ ግን 0.98 መሆን የነበረበት ወደ 0.5 ይወርዳል። አንዱ ቢት ዕድሎቹን መልሷል፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ምልክት ግን አልመለሰም። ከዚያ ሁነታ የቀረው ኳንተማዊነቱን ያጣ ተራ የዕድል ሳንቲም ነው።

ይህ ምሳሌ ብቻ ነው፤ ስድስቱ ደራሲዎች ግን ለማንኛውም ብልሃት የሚሠራ መከራከሪያ አቅርበዋል። መከራከሪያው በ1992 ቤኔትና ስቲቨን ዊዝነር ባሳተሙት ሌላ ሥራ ላይ ይቆማል። ሁለቱ እንዳሳዩት፣ የተጠላለፈ ጥንድ የሚካፈሉ ሰዎች አንድ ኩቢት ብቻ በመላክ ሁለት ተራ ቢቶችን ማስተላለፍ ይችላሉ፤ ላኪዋ ከአራቱ ክንውኖች አንዱን በራሷ ግማሽ ላይ ትፈጽምና ትልከዋለች፤ ተቀባዩ ሁለቱን በጋራ ለክቶ አራቱን መልእክቶች ይለያል።

አሁን ሁለቱን እናጋባቸው። ያ የሚላከው ኩቢት በአካል ከመጓዝ ይልቅ በቴሌፖርቴሽን ይሻገር። ቴሌፖርቴሽኑ አንድ ቢት ብቻ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ፣ ቦብ ያንን ቢት ሳይጠብቅ ሊገምተው ይችል ነበር፤ ግምቱ በ½ ዕድል ትክክል ይሆናል። ግምቱ ትክክል በሆነ ጊዜ ከአራቱ መልእክቶች ትክክለኛውን ያነባል። ስለዚህ ምንም ምልክት ሳይደርሰው ባለ ሁለት ቢት መልእክቱን ቢያንስ በ½ ዕድል ያውቃል። ምንም መረጃ የሌለው ሰው ከአራት መልእክቶች ትክክለኛውን የሚገምተው በ¼ ዕድል ነው። የዚህ ልዩነት ትርጉም ከብርሃን የፈጠነ መረጃ ነው፤ ማለትም የኸርበርት መሣሪያ በሌላ ልብስ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በሁለት ቢቶች ግን የቦብ ግምት ልክ በ¼ ይሳካል፤ አንዳች ትርፍ አይገኝም። ሁለት የሚለው ቁጥር ከዚህ ሊያንስ አይችልም።

በቤተ ሙከራ፦ ቢቶቹ ለራሳቸው ሲናገሩ

ሐሳቡ በቤተ ሙከራ የታየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1997 መጨረሻ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ዲክ ባውሜስተር፣ አንቶን ዛይሊንገርና ባልደረቦቻቸው የፎቶንን ሁነታ ማሻገራቸውን አሳተሙ። መሣሪያቸው ግን ከአራቱ የቤል ሁነታዎች አንዱን፣ Ψ⁻ን፣ ብቻ ይለይ ነበር። የተጠቀሙበት ጥንድም Ψ⁻ ስለነበር በዚያ ውጤት እርማት አያስፈልግም ነበር። ይህ ግን ተራውን መልእክት አላስቀረውም። ከአራት ሙከራዎች አንዱ ብቻ የሚሳካ ከሆነ፣ የትኛው እንደተሳካ ለተቀባዩ ወገን መነገር አለበት፤ ያ ባይነገር የሚታየው ያው የሳንቲም ውርወራ ነው። ክላሲካሉ መልእክት ከእርማት ትእዛዝ ወደ መምረጫ መዝገብ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ሙሉው ሥርዓት በጉልህ የታየው በ2004 ነው። በዚያ ዓመት በኢንስብሩክ በካልሲየም አየኖች፣ በአሜሪካ ቦልደር ደግሞ በቤሪሊየም አየኖች፣ አራቱም ውጤቶች ተለይተው እርማቱ በየጊዜው ተፈጽሟል። ለዛሬው ጥያቄያችን ግን ከሁሉ የሚያስተምረው በዚያው ዓመት በቪየና የተደረገው ነው። ሩፐርት ኡርሲንና ባልደረቦቹ አሊስንና ቦብን በዳኑብ ወንዝ ሁለት ዳርቻዎች፣ በ600 ሜትር ርቀት፣ አስቀመጧቸው። የቦብ ፎቶን ከወንዙ ሥር በሚያልፍ የፍሳሽ ዋሻ ውስጥ በተዘረጋ 800 ሜትር የብርሃን ፋይበር ተጓዘ። የአሊስ ውጤት ደግሞ በማይክሮዌቭ ሬዲዮ ከወንዙ በላይ ተላከ።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በባዶ ሕዋ ካለው ፍጥነቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይጓዛል፤ ሬዲዮው ግን በአየር ውስጥ በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ተራው መልእክት ከፎቶኑ በ1.5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ቀድሞ ደረሰ፤ ይህ ጊዜ በቦብ በኩል ያለው የኤሌክትሮ–ኦፕቲክ መሣሪያ እርማቱን ለማሰናዳት በቃው። መሣሪያው Ψ⁻ን እና Ψ⁺ን መለየት ይችል ነበር፤ በሬዲዮ የመጣው መልእክት የትኛው እንደሆነ ሲናገር ቦብ ምልክቱን ይገለብጣል ወይም ይተወዋል። በዚህም የሚሳካው ድርሻ ከሩብ ወደ ግማሽ ከፍ አለ። የተራ ቢት ዋጋ በቁጥር ሊታይ የሚችለው ከዚህ በላይ በግልጽ አይመስለኝም።

መሳካቱስ በምን ይታወቃል? አሊስና ቦብ ጥልፍልፍ ሳይኖራቸው፣ አሊስ የቻለችውን ያህል ለክታ ቦብ ከነገረችው ተነሥቶ ሁነታውን እንደገና ቢሠራው፣ በአማካይ የሚደርስበት የትክክለኛነት ጣሪያ 2/3 ነው። ስለዚህ ሞካሪው የታወቁ ሁነታዎችን ይልካል፤ ከቦብ ዘንድ የወጣውን ከተላከው ጋር ያነጻጽራል፤ አማካዩ ከ2/3 ካለፈ ተራ ስልክ ብቻውን ሊሠራው የማይችል ነገር ሆኗል። ይህም ሌላውን የነገሩን ወገን ያሳያል። ቢቶች ያለ ጥልፍልፍ ከ2/3 አያልፉም፤ ጥልፍልፍ ያለ ቢቶች ደግሞ ከሳንቲም ውርወራ፣ ማለትም ከ½፣ አያልፍም። ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ፣ ጉድለት በሌለበት መሣሪያ፣ ወደ 1 ይደረሳል።

የ1993ቱን ጽሑፍ ርዕስ በዚህ ብርሃን ሳነበው፣ ክላሲካሉ መስመር በርዕሱ ላይ መቀመጡ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ፔሬስ የኸርበርትን ጽሑፍ ሲያሳልፍ የፈለገው መልስ፣ ከብርሃን የፈጠነ መልእክት ለምን እንደማይኖር፣ ከዓመታት በኋላ እርሱ ራሱ በፈረመበት ሥራ ውስጥ ልክ ሁለት ቢት ሆኖ ተቆጥሮ ተገኘ።